«እኛም የበደሉንን» ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የተወችልን ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ ይነግዳል፤ ቤቱን አከራይቶ ኪራዩን ለብቻው ይወስዳል። በተዝካሩ ቀን ቀስ ብዬ ብጠይቀው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ‹እናቴን ያስታመምኳት እኔ፤ አንቺ አፈሯ ሳይደርቅ ቤት ቤት ትያለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ማታ ከልጄ ጋር አባታችን ሆይን ስናደርስ ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ላይ ስደርስ አፌ ይያዝና ዘልዬው አልፋለሁ። ልጄ ደግሞ ነቅታብኝ ‹እማዬ፣ እዚያ ጋ ለምን ዝም ትያለሽ?› አለችኝ። ዘመዶቼ ‹ቤቱን ተይለትና ይቅር በይው› ይሉኛል። ይቅርታ ማለት ቤቱን መተው ነው? ከልቤ ካልሆነስ ጸሎቱን ባላደርሰው ይሻላል? ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎት ነው፤ የእያንዳንዱን መስመር ትርጉም ግን ጠይቄ አላውቅም። እስቲ አስረዱኝ። — እኅታችሁ፣ ከደሴ»

ውድ እኅቴ፣

በዚያች መስመር ላይ አፉ የተያዘ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጻፈ ዮሐንስ ካስያን የተባለ መነኩሴ፣ በግብፅ በረሃ ከነበሩት ከአባ ይስሐቅ የሰማውን ትምህርት ሲያስተላልፍ፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ይህን ጸሎት በአንድነት ሲያደርስ ልክ በዚህች ቃል ላይ ዝም የሚሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነግረናል። ዝም የሚሉት በገዛ አፋቸው በራሳቸው ላይ እንዳይፈርዱ ፈርተው ነው። አባ ይስሐቅ ይህን በሁሉ ፈራጅ ፊት የሚሞከር ከንቱ ብልኃት ብለውታል፤ ቃሏን መዝለል ከቃሏ አያስመልጥምና። እኔ ግን ከዚህ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፤ ዝምታሽ ቃሉ ምን እንደሚጠይቅ እንደገባሽ ያሳያል። ብዙዎቻችን ያቺን መስመር ሳናቅማማ እያልናት የምናልፈው ይቅር ስላልን ሳይሆን ስላልሰማናት ነው። ስለዚህ ጸሎቱን ተዪው አልልሽም፤ ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን እንየው፤ የተያዝሽባት መስመር ከፊቷና ከኋላዋ ካሉት ተነጥላ ስትነበብ ይበልጥ ትከብዳለችና።

ጸሎቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በተራራው ስብከት መካከል፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ደግሞ አጠር ብሎ ደቀ መዛሙርቱ «መጸለይ አስተምረን» ባሉ ጊዜ ተሰጥቶ እናገኘዋለን። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብሎ ይጀምራል። ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ አሜን ድረስ «እኔ» የሚል የለበትም፤ ልመናው ሁሉ «ስጠን»፣ «ይቅር በለን»፣ «አታግባን»፣ «አድነን» ነው። ጌታ ይህን ያስተማረው በርህን ዘግተህ በስውር ጸልይ ካለ በኋላ መሆኑን አስተውዪ። ብቻዋን በጓዳዋ የቆመችው ሴት እንኳ «አባቴ» እንድትል አላስተማራትም። አንቺም ማታ ከልጅሽ ጋር ስትቆሚ «አባታችን» በምትዪው ውስጥ ኮምቦልቻ ያለው ወንድምሽ ገብቷል፤ ያንን ቃል እሱን አስወጥተሽ ልትዪው አትችዪም። ይህ መጀመሪያ ላይ ሸክም ይመስላል። ነገር ግን በአንዲት እናት ቤት ምክንያት የተለያያችሁ ሁለት ልጆች፣ በሞት የማይለይና ርስቱን ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን የማያስቀር አባት ፊት አብራችሁ መቆማችሁ፣ ስለ እርቁ ከማሰብሽ በፊት የተሰጠሽ ነገር ነው።

ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ ልመናዎች የእግዚአብሔርን ነገር ያስቀድማሉ፤ ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን። ስሙ በራሱ ቅዱስ ነው፤ የምንለምነው በእኛ አኗኗር እንዳይነቀፍና በእኛ ዘንድ እንዲከበር ነው። መንግሥቱም እንድትመጣ መለመን የእሱ አገዛዝ በሰው ልብ፣ በሰው ቤትና በመጨረሻም በፍጥረት ሁሉ ላይ እንዲገለጥ መሻት ነው። በሦስተኛው ላይ ግን ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዘመዶችሽ ሳያውቁት ይህችን መስመር እያጣመሙብሽ ይመስለኛል። በአገራችን ሰው በተጎዳ ቁጥር «የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ተይው» ማለት ለምዶብናል። ጸሎቱ ግን የሆነው ሁሉ ፈቃድህ ነው አይልም፤ ፈቃድህ በምድር ትሁን ብሎ መለመኑ ራሱ በምድር ላይ ፈቃዱ ያልሆነ ብዙ ነገር እየተደረገ መሆኑን ያምናል። አንዱ ወራሽ የሌላውን ድርሻ መብላቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም፤ አንቺም እንደ ፈቃዱ አድርገሽ እንድትቀበዪው አልተጠየቅሽም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ይህንኑ ቃል ጸልዮታል፤ «ፈቃድህ ትሁን» ያለው ግን ጽዋው እንዲያልፍ በግልጽ ከለመነ በኋላ ነው። ፈቃዱን መለመን የሚያምሽን ደብቆ ዝም ማለት እንዳልሆነ ከዚያ ይታያል።

«የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» የሚለው የልመናውን ፊት ወደ እኛ ያዞራል። አባቶች በዚህ መስመር ሁለቱንም ያያሉ፤ ለሥጋ የሚያስፈልገውን ምግብና ለነፍስ የሚሆነውን ቅዱስ ቁርባን። ለአንቺ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን «ለዛሬ» የምትለዋ ናት። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው የታዘዙት የየዕለቱን እንዲለቅሙ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፤ አብዝቶ የለቀመውም በመጨረሻ አልተረፈውም፤ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ከዚህ ተነሥቼ ልጠይቅሽ፤ ከቤቱ ኪራይ ድርሻሽ ቢመጣ የምታውዪበት ነገር ዛሬ የሚያስፈልግሽ ነው ወይስ በወንድምሽ ላይ ያሸነፍሽበት ምልክት እንዲሆን ነው? ለልጅሽ ትምህርትና ለቤትሽ ወጪ ከሆነ ያ የዕለት እንጀራሽ ነው፤ ልመናው ውስጥ አለ፤ ልትጠይቂውም አታፍሪበት። የሁለቱ ስሜት ተቀላቅሎ ከሆነም አይግረምሽ፤ በውርስ ጭቅጭቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይቀላቀላል። ለይቶ ማወቁ ግን ወንድምሽ ፊት የምትናገሪውን ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል»። ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ እንደ ጨረሰ ተመልሶ ያብራራው ይህችን መስመር ብቻ ነው። ስለ እንጀራው ወይም ስለ ፈተናው አልጨመረም፤ ስለ ይቅርታ ግን «ለሰዎች ኃጢአታቸውን ይቅር ባትሉ አባታችሁም ኃጢአታችሁን ይቅር አይላችሁም» አለ። ይህን ቃል ላለዝብልሽ አልሞክርም። አንቺም ብታለዝቢው ኖሮ አፍሽ አይያዝም ነበር። ግን ቃሉ የሚጠይቀውና ዘመዶችሽ የሚጠይቁት አንድ መሆኑን መመርመር አለብን።

ለዚህ የማቴዎስን ምዕራፍ 18 በሙሉ፣ ሳትቆርጪ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። በምዕራፉ መጨረሻ ጌታ የሁለት ባለ ዕዳዎችን ምሳሌ ይናገራል። አንዱ ለንጉሡ እልፍ መክሊት አለበት፤ ባልንጀራው ደግሞ ለዚሁ ሰው መቶ ዲናር አለበት። ዲናር በወንጌሉ እንደምናየው ወይን ቦታ ለሚውል የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለ ነበር እልፍ መክሊት የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ይሆናል፤ ማንም ሰው ሠርቶ የማይከፍለው፣ ልጅ የልጅ ልጁም የማይጨርሰው ዕዳ ነው። ንጉሡ ይህን ተወለት። ሰውዬው ግን ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን አንገቱን አንቆ ያዘው።

ምሳሌው ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አለ። መቶ ዲናር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ ከሦስት ወር በላይ የሚደክምበት ነው። ጌታ የደረሰብሽ በደል ኢምንት ነው አላለሽም። ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ተቆጥሮ የሚታወቅ ነው፤ ባለ ዕዳውም «እከፍልሃለሁ» ብሎ ያምናል እንጂ አይክድም። ስለዚህ «ምን አለበት፣ ትንሽ ነገር ናት» ብለሽ ራስሽን ለማሳመን መታገል አይጠበቅብሽም፤ እንዲያውም ትንሽ ከሆነማ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም። በምሳሌው ውስጥ ሁለተኛው ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ንጉሡ ዕዳውን የተወው ሰውዬው ባልንጀራውን ስለ ተወ አይደለም፤ አስቀድሞ ተወለት፤ እሱም የተደረገለትን እንዲያደርግ ተጠበቀ። ስለዚህ «እንደምንል» የምትለዋን ይህን ያህል ሰጥቻለሁና ይህን ያህል ስጠኝ እንደሚል ሒሳብ አትቁጠሪያት። ይቅርታውን ለራስሽ ከፍተሽ ለወንድምሽ በሩን ልትዘጊ እንደማትችዪ የምታምኚባት ቃል ናት።

አሁን ያንኑ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ከምሳሌው በፊት ያለውን ተመልከቺ። «ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል፤ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ያለው አንደበት እዚያው ምዕራፍ ላይ የበደለህን ሄደህ ንገረው አለ። ሁለቱ ይጋጫሉ ብሎ የሚያምን ሰው አንዱን ክፍል አላነበበውም። ለጥያቄሽ መልሱ እዚህ አለ፤ ይቅርታ ቤቱን መተው አይደለም። ድርሻሽን መጠየቅ፣ በሽማግሌ ፊት መቆም፣ ግድ ሲሆንም ዳኛ ፊት መቆም ከይቅርታ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቤቱን በፈቃድሽ ልትተዪለትም ትችያለሽ፤ ግን ያ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሰው ስላስጨነቀሽ አይሰጥም። በተጨነቀ እጅ የተሰጠ ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ ቂም ሆኖ ሲመለስ በዚህ ዓምድ ደጋግሜ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይቅር የሚባለው ምኑ ነው? ደብዳቤሽን ሳነበው ሁለት ዕዳ ይታየኛል። አንደኛው የኪራይና የድርሻ ዕዳ ነው፤ በብር ይቆጠራል፤ በስምምነት ወይም በፍርድ ሊከፈል ይችላል። ሁለተኛው በተዝካሩ ቀን በዘመድ ፊት የተባልሽው ነው። ይህኛው በምንም አይከፈልም። ወንድምሽ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ቢሰጥሽ እንኳ ያ ቃል እንዳልተባለ አይሆንም፤ እሱን በሌላ ማዋረድም አያጠፋውም። ይቅርታ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የማይከፈል ዕዳ ነው፤ ዋጋውን ከእሱ ለማስከፈል መፈለግን መተው ማለት ነው። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ ሌሊት የሚያነቃሽ ኪራዩ ነው ወይስ ያ ቃል? ግምቴን ልንገርሽና፣ ከተሳሳትኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቃሉ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ሁለቱን አለያይቶ መያዝ ይጠቅምሻል፤ አለበለዚያ ለስድቡ የሚገባውን ቁጣ በቤቱ ክርክር ላይ ትጨምሪዋለሽ፤ ያን ጊዜ ድርሻሽን ብታገኚም አትረኪም።

ይቅርታና አመኔታም አንድ አይደሉም። ዮሴፍ ወንድሞቹ ከሸጡት በኋላ በግብፅ በከበረ ጊዜ የበኩር ልጁን «ምናሴ» ብሎ የጠራው፣ እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ የአባቴንም ቤት አስረሳኝ ብሎ ነው፤ ይህ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ከመምጣታቸው በፊት ነበር። ሆኖም በመጡ ጊዜ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ስምዖንን አስሮ አስቀረ፤ ብንያምን አምጡ አለ፤ ጽዋውንም በብንያም ዓይበት ውስጥ አስደብቆ፣ በእሱ ላይ ያደረጉትን በታናሹም ላይ ይደግሙት እንደሆነ አየ። ይሁዳ «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ባለ ጊዜ ብቻ አለቀሰና ራሱን ገለጠ። አንቺም ወንድምሽን ከልብሽ ይቅር ብለሽ፣ የቤቱን ጉዳይ ግን በጽሑፍና በምስክር ካልሆነ በቃል አልቀበልም ብትዪ ቂመኛ አትሆኚም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ላንሣ። መስመሯ የምትጀምረው «በደላችንን ይቅር በለን» ብላ ነው፤ የወንድምሽ በደል የሚመጣው ከአንቺ በደል በኋላ ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ አንቺ ለማዞር አይደለም፤ ኪራዩን ለብቻው መውሰዱን ማስታመሙ ትክክል አያደርገውም። ግን በተናገረው ክፉ ቃል ውስጥ «ያስታመምኳት እኔ» የሚል ነበረበት። እናታችሁ በታመመችበት ጊዜ የሌሊቱን መንቃት፣ የሐኪም ቤቱን መመላለስ፣ ወጪውን የተሸከመው በአብዛኛው እሱ ከሆነ፣ ለዚያ አመስግነሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት አመስግነሽዋል፤ ምናልባትም ሐዘኑና ቤቱ ተከታትለው መጥተው ጊዜ አላገኘሽም ይሆናል። ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ያልተባለ «እግዜር ይስጥህ» ካለ እሱ የአንቺ ዕዳ ነው፤ እሱ ያንቺን ባይመልስም ልትከፍዪው ትችያለሽ።

ከልቤ ካልሆነ አልበለው ይሆን ላልሽው፤ በዪው እላለሁ፤ ግን እንደ ደረስሽበት ፍርድ ሳይሆን እንደ ልመና በዪው። የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ጌታ እምነትህ ሲሞላ ተመለስ አላለውም። አንቺም ከመስመሯ በፊት በልብሽ የወንድምሽን ስም ጥሪና «ልተውለት እፈልጋለሁ፤ አልቻልኩም፤ አንተ እርዳኝ» ብለሽ ከዚያ ቃሏን አድርሺ። ይህ ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው ለመተው ሳትፈልጊ ተውኩ ስትዪ ነው። ለልጅሽም ከዕድሜዋ በላይ ሳታሸክሚያት «የተቀየምኩት ሰው አለ፤ እግዚአብሔር እንዲረዳኝ እየለመንኩ ነው» ብትያት በቂ ነው። የአጎቷን ስምና የቤቱን ነገር አትንገሪያት፤ እሷ ነገ በሠርግና በለቅሶ ከአጎቷ ልጆች ጋር የምትቀመጥ ናት።

«አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን፣ ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» የሚለው ከይቅርታው መስመር ወዲያው መከተሉ ለእንደ አንቺ ላለ ሰው ጠቃሚ ነው። እግዚአብሔር በክፉ ማንንም እንደማይፈትን የያዕቆብ መልእክት በግልጽ ይናገራል፤ ልመናው ከምንችለው በላይ ለሆነ ፈተና አሳልፈህ አትስጠን፣ ስንወድቅም አትተወን ማለት ነው። የአንቺ ፈተና ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዘመድ ቡና ላይ ተቀምጦ «ደግሞ ምን አለሽ?» ሲልሽ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው መናገር ነው። በተናገርሽው ቁጥር አንዲት ቃል ትጨመርበታለች፤ ወሬው ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው የሚቀረው፤ አንቺ ሳትደርሺ እሱ ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳዩን የምትነግሪያቸውን ሰዎች ለባለቤትሽ፣ ለንስሐ አባትሽና ለምትመርጪያቸው ሽማግሌዎች ብቻ ወስኚ። ሌላው ሲጠይቅሽ «ተነጋግረን እንፈታዋለን» በዪና ወሬውን ቀይሪ።

መደምደሚያው «መንግሥት ያንተ ናትና፣ ኃይል ምስጋና ለዘለዓለሙ» በጥንታውያኑ የማቴዎስ ቅጂዎች የለም፤ በሉቃስም የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ግን ከጥንት ጀምሮ በዚህ ዓይነት ምስጋና ይዘጋል። ከበደልና ከፈተና ልመና በኋላ ነገሩን ሁሉ ለባለቤቱ የሚመልስ ምስጋና ስለ ሆነ፣ ፍርዱ በመጨረሻ የማን እንደ ሆነ ያስታውሳል። ከዚህ በላይ አላረዝምብሽም።

ወደሚደረገው ልለፍ። በመጀመሪያ በዚህ ሳምንት ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ተገናኚ፤ ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል እንዲወርሱ ይደነግጋል፤ የውርስ ጥያቄም የጊዜ ገደብ አለው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ስለ ሆነ፣ እርቁን ስትጠብቂ ገደቡ እንዳያልፍብሽ ቀኑን አስቀድመሽ እወቂ። ለማስታመም የወጣ ወጪ በክፍፍሉ ጊዜ እንዴት እንደሚታይም እዚያው ጠይቂ። ቀጥሎ ለንስሐ አባትሽ የቤቱንም የቃሉንም ነገር ለያይተሽ ንገሪያቸው።

ከዚያ ብቻሽን ኮምቦልቻ ውረጂ። በስልክ አትጀምሪው፤ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያለም አትጀምሪው፤ ማታ ቤቱ ሂጂ። የምትዪውን አስቀድመሽ አዘጋጂ፤ ለምሳሌ እንዲህ፤ «ወንድም ጋሼ፣ እናታችንን ስላስታመምካት በደንብ ሳላመሰግንህ ቀርቻለሁ፤ እግዜር ይስጥህ። በተዝካሩ ቀን በዘመድ ፊት የተናገርከኝ ግን ጎድቶኛል፤ ያንን ይዤ መኖር አልፈልግም። የቤቱን ነገር ደግሞ ተቀምጠን በጽሑፍ እንጨርሰው።» ሦስቱን ነገሮች በዚህ ተራ ተናገሪያቸው፤ ምስጋናው ኋላ ከመጣ ማባበያ ይመስላል። ተቆጥቶ ቢመልስልሽ ክርክሩን አትከተዪው፤ «አስብበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ» ብለሽ ተነሺ።

ሁለተኛው ጉዞም ካልሠራ ሽማግሌ ያዢ። በእኛ በወሎ ቄሱና ሼሁ ለአንድ ጉዳይ አብረው ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ወንድምሽ የሚያፍራቸውንና የሚያከብራቸውን ምረጪ፤ አንቺን ብቻ የሚወዱትን አይደለም። ስምምነት ከተደረሰ ኪራዩ ከመቼ ጀምሮ እንደሚካፈል፣ ለማስታመም የወጣው ተረጋግጦ ምን ያህል እንደሚቀነስለት፣ ቤቱ ወደፊት እንደሚሸጥ ወይም እንደሚከራይ ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ምስክሮቹም ፈርማችሁበት፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። የተዝካሩ ቀን ቃል ግን በወረቀቱ ላይ አይጻፍ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲነሣ ከፈለጉ በቃል ይነሣ፣ በቃል ይለቅ።

ይህም ሁሉ ሆኖ እምቢ ቢል፣ መዝገብ መክፈት የመጨረሻው መንገድ ነው። ጌታ በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ሁሉንም ያልሰማው ሰው እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ ብሏል፤ ነገር ግን ወንጌሉን የጻፈው ማቴዎስ ራሱ ቀራጭ እንደ ነበርና ጌታ በቤቱ ማዕድ እንደ ተቀመጠ አትርሺ። ፍርድ ቤት ስትቀርቢ የኪራዩን ቁጥር ብቻ ይዘሽ ቅረቢ፤ ስድቡን በአቤቱታው ውስጥ አታስገቢው።

ከኮምቦልቻ ስትመለሺ የሆነውን ጻፊልኝ። ወንድምሽ የማስታመሚያ ወጪውን ዘርዝሮ ካቀረበ በተለይ ዝርዝሩን ላኪልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዴት እንደምታቀርቢው በሚቀጥለው እንነጋገርበታለን።